«42 አለሽ?»፦ ሁሉን ይሸጥ የነበረ ሱቅ አንድ ነገር ብቻ ሲይዝ ምን እንደተለወጠ

እህቴ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ህንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሱቅ አላት፣ 3 በ4 የምትሆን ጠባብ ሱቅ። እስከ አምና ድረስ እዛች ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም፣ የሴት ጫማ፣ ቦርሳ፣ ሽቶ፣ የልጆች ልብስ፣ ቀበቶ፣ ስቶኪንግ፣ የፀጉር ጌጥ፣ አንድ ሰሞን ደሞ የስልክ ከቨር ሁሉ ገብቶ ነበር። ሀሳቡ ብዙዎቻችን የምናስበው ነው፣ ብዙ አይነት እቃ ካለ የገባው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል። ሂሳቧን የምሰራላት እኔ ስለሆንኩ ይሄ ሀሳብ የቱ ጋ እንደሚሰበር በቁጥር አይቼዋለሁ፣ እሱን ነው ዛሬ የምፅፍላችሁ።

ሽቶውንና ልብሱን እንተወውና ጫማውን ብቻ እንይ፣ ነገሩ በጫማ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው።

ከጅምላ ነጋዴ ጫማ ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር መምረጥ የለም፣ የሚሸጠው በካርቶን ነው። እኛ የምንወስደው ካርቶን 12 ጥንድ ይይዛል፣ አንድ ሞዴል አንድ ቀለም ሆኖ ውስጡ 36 አንድ፣ 37 ሁለት፣ 38 ሦስት፣ 39 ሦስት፣ 40 ሁለት፣ 41 አንድ። ጫማው ጥሩ ከሆነ 38 እና 39 በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃሉ። ከዛ በኋላ የምትመጣዋ ሴት መስኮቱ ላይ አይታ ትገባለች፣ ታነሳዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ «39 አለሽ?» ትላለች፣ «አልቋል የኔ እህት፣ 37 ነው ያለው» ትባላለች፣ ትወጣለች። መደርደሪያው ከውጪ ሲታይ ሙሉ ነው፣ ለምትገባዋ ሴት ግን ባዶ ነው። 39 ለማምጣት ደሞ ሌላ ካርቶን መግዛት አለብሽ፣ ያ ካርቶን ሌላ 36 እና ሌላ ሁለት 37 ይዞ ይመጣል። እንዲህ እየተባለ የጫፍ ቁጥር ይከማቻል። አምና ሰኔ 30 ቆጠራ ስናደርግ 110 ጥንድ ጫማ ነበረን፣ ከሱ ውስጥ 47ቱ ከተለያየ ሞዴል የተረፉ 36 እና 37 ነበሩ። ጫማ አለን እያልን በየቀኑ ሰው የምንመልሰው ለዚህ ነው።

ጠቅላላ ቆጠራውን ደሞ ስሙት። በገዛንበት ዋጋ ስናሰላው ሱቅ ውስጥ 400,000 ብር ገደማ እቃ ተቀምጧል። በወር የሚሸጠው በመግዣ ዋጋው 70,000 ብር አካባቢ ነው። ስለዚ አንድም አዲስ እቃ ሳይገባ ያለው ብቻ ለመሸጥ ወደ 6 ወር ይፈልጋል ማለት ነው፣ ያውም እኩል ቢሸጥ። እኩል አይሸጥም። ከ400,000ው ውስጥ 150,000 የሚሆነው ከ6 ወር በላይ ያልተነካ እቃ ነበር፣ ከገባ አንድ አመት ከአምስት ወር የሆነው የልጅ ልብስ ሁሉ አግኝተናል ከላስቲኩ ሳይወጣ። ከሽያጩ በወር 30,000 ገደማ ትርፍ ይገኛል፣ ኪራይና ሌላ ወጪ 27,500 ይወስዳል። 2,500 ብር ነው የሚተርፋት፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ካፒታል አነሰኝ» ነው የሚለው፣ እሷም እንደዛ ነበር የምትለው፣ ብድር ልትጠይቅ ሁሉ አስባ ነበር። ብሩ ግን አለ እኮ፣ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፣ በ36 ቁጥር ጫማና በልጅ ልብስ መልክ።

ታዲያ ምን ላይ እናተኩር? ይሄን በግምት መወሰን አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚመርጠው የሚወደውን ወይም ጎረቤት ሱቅ ሲሸጥ ያየውን ነው። እኛ ያደረግነው አንድ ደብተር አስቀመጥን፣ ደብተሩ ላይ የሚፃፈው የተሸጠው አይደለም፣ «የለም» ብለን የመለስነው ነው። ሽያጭ የሚነግራችሁ ካላችሁ እቃ ውስጥ የቱ እንደተፈለገ ብቻ ነው፣ የሌላችሁ ነገር ምን ያህል እንደተፈለገ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይወጣም። ለ4 ሳምንት ሰው የጠየቀውና ያጣው ነገር ሁሉ ተፃፈ፣ ሰአቱም ጭምር። 137 «የለም» ተሰበሰበ። አብዛኛው የተበታተነ ነው፣ ይሄ አንዴ፣ ያ ሁለቴ። አንድ ነገር ግን ጎልቶ ወጣ፣ 22 ጊዜ የተጠየቀው 41፣ 42 እና 43 ቁጥር የሴት ጫማ ነበር፣ ቀጥሎ ያለው 9 ጊዜ ነው። ከዛ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናስብ ምልክቱ ድሮም ነበረ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ያቺ አንዷ 41 ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድማ ነበር የምትወጣው፣ ሞዴሉ ያማረም ያላማረም ይሁን።

ይሄ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ እሱ ነው። 38 የምትለብስ ሴት የፈለገችው ሞዴሉን ነው፣ ያ ሞዴል ከሌለሽ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ትሄዳለች፣ ስለዚ እሷን ለመያዝ 20 ሞዴል ቢኖርሽም አይበቃም። 42 የምትለብስ ሴት ደሞ መጀመሪያ የምትፈልገው እግሯ መግባቱን ነው። ስንቷ ናት ከወንድ ጫማ ውስጥ ስታማርጥ የኖረችው፣ ወይ 40ውን በግድ አስገብታ ጣቷ እየታጠፈ ሰርግ የሄደችው። ለሷ የሚሆን 6 ቆንጆ ሞዴል ካሳየሻት አንዱን የመውሰድ እድሏ ሰፊ ነው፣ አንዱ ባይኖር ሌላውን ትወስዳለች። ያው በእቃ አያያዝ ቋንቋ ሲነገር፣ ደንበኛው አንዱን በሌላው ለመተካት ፈቃደኛ በሆነ ቁጥር የምትይዢው አይነት ይቀንሳል ማለት ነው።

እስኪ በሂሳብ እናስቀምጠው። በመደበኛ ቁጥር 8 ሞዴል በሁለት ሁለት ቀለም ልያዝ ብትሉ 16 ካርቶን ነው፣ 192 ጥንድ። አንዱ ጥንድ በ1,500 ብር ቢገዛ 288,000 ብር ታሰረ። ሞዴል፣ ቀለምና ቁጥር ሲባዛ 96 የተለያየ እቃ ይሆናል። በትልቅ ቁጥር ደሞ 6 ሞዴል በሁለት ቀለም ያዝን፣ ከእያንዳንዱ 41 ሁለት፣ 42 ሁለት፣ 43 አንድ። 60 ጥንድ፣ 90,000 ብር፣ 36 የተለያየ እቃ።

ሁለቱም በወር 40 ጥንድ ሸጡ እንበል። በ96ቱ ላይ ሲከፋፈል ለአንዱ እቃ በወር ግማሽ ጥንድ እንኳን አይደርሰውም። እና አንድ ጥቁር 40 ቁጥር ሁለት ወር ሳይሸጥ ቢቀመጥ ምን ትላላችሁ? ሰው ጠልቶት ነው ወይስ ተራው ስላልደረሰ ነው? ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም፣ በዚህ ብዛት ላይ አንድ እቃ በአጋጣሚ ብቻ ሁለት ወር ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚ የምትገዙት በስሜት ይሆናል። በ36ቱ ላይ ግን ለአንዱ ከአንድ ጥንድ በላይ ይደርሰዋል፣ ሁለት ወር ያልተነካ ካለ ችግር እንዳለበት መጠርጠር ትችላላችሁ፣ ታወጡታላችሁ፣ በቦታው ሌላ ታስገባላችሁ። ትንሽ አይነት መያዝ ብር ከማዳኑ በላይ የትኛው እንደሚሄድና የትኛው እንደማይሄድ በቶሎ ያሳያችኋል። እህቴ አሁን ስቶኳን የምታየው በአንድ ገፅ ወረቀት ነው፣ 12 መስመር ሦስት አምድ፣ ማታ ሱቅ ስትዘጋ በእርሳስ ታስተካክለዋለች፣ አለቀ።

እዚህ ለመድረስ ግን መጀመሪያ አሮጌውን ማስወጣት ነበረብን፣ የሚያመው ክፍል እሱ ነው። ያ 6 ወር ያልተነካ የ150,000 ብር እቃ በቅናሽ ተሸጦ 95,000 ብር ነው ያመጣው። 55,000 ብር ኪሳራ ነው፣ እህቴ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሰው ሁሉ «ቆይ፣ በአል ሲደርስ ይሸጣል» ይላት ነበር። እኔ ያልኳት የልጅ ልብሱ ያረጀው ዛሬ ቅናሽ ስንለጥፍበት አይደለም፣ ከ8 ወር በፊት ነው፣ እኛ ዛሬ አወቅነው እንጂ። ቀሪውን እቃ ሳንተካ ቀስ እያልን ሸጥነው፣ ወደ 4 ወር ፈጀ። በአንድ ቀን ሱቁን ባዶ አድርጎ አዲስ መጀመርን አልመክርም፣ ኪራዩ አይጠብቅማ።

እቃውን ከየት እናመጣለን የሚለው ሌላ ጣጣ ነበር። ከውጪ የሚገባው የሴት ጫማ ካርቶን በ40 ወይም በ41 ያበቃል፣ ትልቅ ቁጥር ብቻ ስጡኝ ቢባል ጅምላ ነጋዴው አይከፍተውም። ደሞ ብዙ ጊዜ ከቻይና የሚመጣው ላይ የተፃፈው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል፣ 41 የሚለው እንደ 40 ይለበሳል። ስለዚ መርካቶ ሸራ ተራ ሄድን፣ ጫማ ሰሪዎቹ ጋ። ለሙከራ 24 ጥንድ አዘዝን።

እዛ ላይ ነው የተሳሳትነው። ጫማ የሚሰራው በፎርማ ላይ ተወጥሮ ነው፣ የእግር ቅርፅ ያለው ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሰራ ነገር ነው። ሰሪው ጋ የሴት ፎርማ እስከ 40 ነበረው። «42 አለኝ» ያለን የወንድ ፎርማ ነው፣ እኛም ቁጥሩን እንጂ ቅርፁን አልጠየቅንም። የሴት እግር ከወንድ እግር ጋር እኩል ርዝመት ቢኖረው እንኳን ተረከዙ ቀጠን ይላል፣ ስለዚ ከፊት ልክ የሆነው ጫማ ከኋላ ይወልቃል። ከ24ቱ 7ቱ ተመለሱ። አንዷ ደንበኛ ጫማውን አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ስትራመድ ተረከዟ ጋ ቷ ቷ ሲል እኔም ሰማሁት፣ ቀና ብላ «ገብቶልኛል ግን አይቀመጥም» አለች፣ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር እስካሁን አይረሳኝም፣ እንደዛ ተደስታ ነበር የገባችው። ከዛ በኋላ የ41፣ የ42 እና የ43 የሴት ፎርማ በራሳችን ብር ገዝተን ሰሪው ጋ አስቀመጥን። እህቴ «ጋሼ፣ ፎርማው የኛ ነው፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ» ብላ ከሰሪው ጋር ተስማማች። ሁሉንም ትሸጥ በነበረ ጊዜ ለአንድ እቃ እንዲህ ያለ ወጪ ማውጣት አይታሰብም ነበር፣ አሁን ግን ያንኑ ፎርማ በየወሩ ስለምንጠቀምበት ያዋጣል። ሰሪውም በአንድ አይነት ስራ እጁ ስለገባ ሁለተኛው ዙር ላይ 24 ተሰርቶ የተመለሰው 1 ብቻ ነው።

ወደ ማስታወቂያው ልምጣ። ድሮ የቴሌግራም ቻናሏ 3,000 ሰው ነበረው፣ አንድ ፖስት ግን 150 ሰው ቢያየው ነው። ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ ለልጅ ልብስ ብላ የገባች እናት በቀን አራት ጊዜ ሽቶና ቦርሳ ሲላክላት ድምፁን ታጠፋዋለች፣ ከዛ የልጅ ልብስ ሲለጠፍም አታየውም። አዲሱ ቻናል ስሙ ላይ «የሴት ጫማ 41–43» ይላል። የገባው ሰው ትንሽ ነው፣ 400 አካባቢ፣ ግን የገቡት በሙሉ የሚያዩትን እቃ የፈለጉ ናቸው፣ አንድ ፖስት ከ300 በላይ ሰው ያየዋል። ምን እንለጥፍ ብሎ መጨነቅም ቀረ። ሁሉን ስትሸጥ ማስታወቂያዋ «ጥራት ያላቸው የተለያዩ እቃዎች በተመጣጣኝ ዋጋ» ነበር የሚለው፣ ይሄን ከተማው ውስጥ ያለ ሱቅ ሁሉ ይለዋል፣ ሰው አንብቦት ምንም አይይዝም። «42 ትለብሻለሽ? ነይ» የሚለውን ግን 42 የምትለብስ ሴት ዝም ብላ አታልፈውም፣ 38 የምትለብሰዋም ቢሆን ወዲያው ለእህቷ ወይ ለጓደኛዋ ትልከዋለች።

ፎቶ ላይ አንድ የተማርነው ነገር አለ። የጫማ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በትንሽ ቁጥር ነው፣ 36 ወይም 37፣ ምክንያቱም ትንሽ ሲሆን ያምራል። ያው ሞዴል 43 ሲሆን ግን መልኩ ይለወጣል፣ ፊቱ ይረዝማል፣ ጌጡ ወደ ላይ የሸሸ ይመስላል። ደንበኛዋ በፎቶ ያየችውና የደረሳት ሲለያይ ትመልሳለች። ስለዚ የምናነሳው 42ቱን ነው፣ የሚቻል ከሆነም እግር ላይ ተደርጎ። ሞዴል ስንመርጥም በ43 ተሰርቶ የሚያምረውን ነው የምንመርጠው፣ ሹል አፍንጫ ያለውን በዚህ ምክንያት ትተነዋል።

በዲሊቨሪ ለሚያዙ ደሞ ቁጥር ስንት ነሽ ብለን አንጠይቅም፣ እግርሽ ስንት ሴንቲሜትር ነው ብለን ነው የምንጠይቀው። ትልቅ እግር ያላት ሴት ቁጥሯን በትክክል የማታውቅበት ብዙ ምክንያት አለ፣ እድሜ ልኳን በማይሆናት ጫማ ነው የለካችው። ወረቀት መሬት ላይ ግድግዳ አስጠግቶ ማንጠፍ፣ ተረከዝን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መቆም፣ ረጅሙ ጣት የሚያልቅበት ላይ ምልክት ማድረግና መለካት ነው፣ ሁለቱንም እግር፣ ማታ ማታ እግር ትንሽ ስለሚያብጥ ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል። የተገኘው ሴንቲሜትር ላይ 1.5 ይደመራል፣ ከዛ በ1.5 ይባዛል። 26.5 ሴንቲሜትር ከሆነ 28 ይሆናል፣ በ1.5 ሲባዛ 42 ይመጣል። ይሄንን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሰርተን ቻናሉ አናት ላይ ሰክተነዋል፣ ሁሉን እንሸጥ በነበረ ጊዜ ለስንቱ እቃ እንዲህ አይነት ቪዲዮ እንሰራ ነበር?

ብዙ ሰው የማያስበው ግን አብዛኛውን ደንበኛ ያመጣልን ቴሌግራም ሳይሆን ጎረቤት ሱቅ ነው። እዛው ፎቅ ላይ 5 የጫማ ሱቅ አለ። ድሮ ከነሱ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው፣ ሁላችንም ያንኑ 38 እና 39 ነው የምንሸጠው፣ የኔ ደንበኛ ወደ አንቺ ሄደ የሚል ነገር አለ። አሁን እህቴ ለነሱ ተፎካካሪ አይደለችም፣ እነሱ 42 የላቸውም፣ ሊይዙም አይፈልጉም። ስለዚ አንዷ ገብታ ስትጠይቃቸው «የለንም» ብለው ከሚመልሷት «እዛ ጥግ ላይ ያለችው ጋ ሂጂ» ይሏታል። እህቴም በተራዋ 39 ለጠየቃት ሰው እነሱን ታሳያለች። የመርካቶ ተራ የሚሰራው በዚሁ አይነት አይደል፣ ሳጥን የፈለገ ሳጥን ተራ፣ ብረት የፈለገ ብረት ተራ ይባላል፣ ሰው አንድን ቦታ በአንድ ነገር ሲያውቀው ሌላውን ሰው አቅጣጫ ማሳየት ይቀለዋል። «ጫማ የምትሸጥ ልጅ አለች» ተብሎ ማንም ማንንም አይልክም።

አሁን በወር 40 ጥንድ አካባቢ ትሸጣለች። አንዱ በ2,600 ነው የሚሸጠው፣ ከጥንድ 1,100 ይተርፋል፣ ወጪዋ 27,500 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 25 ጥንዶች ወጪውን ይሸፍናሉ፣ ከዛ በላይ ያለው የሷ ነው፣ 40 ሲሞላ 16,500 ብር። እቃ ውስጥ የታሰረው ብር 90,000 ሲሆን በአንድ ወር ተኩል ይገለበጣል። ዋጋ ላይ የሚደረገው ክርክርም ቀንሷል፣ ምክንያቱም «እዛ ሱቅ በ2,200 አለ» የምትልበት ሌላ ሱቅ የለም። በዚህ ተጠቅሞ ዋጋ መስቀል ግን በኔ እይታ ስህተት ነው፣ እነዚህ ሴቶች አማራጭ ስላጡ ብዙ ሰው ሲጫወትባቸው ኖሯል፣ ያወቁ ቀን አይመለሱም።

አሁን የማያዋጣበትን ልንገራችሁ። ያ 25 ጥንድ የሚለውን ቁጥር አስተውሉት፣ ደብተሩ ላይ በ4 ሳምንት የተገኘው ጥያቄ 22 ነው፣ ያውም ጠያቂ ሁሉ አይገዛም። ማለትም በእግር ከሚገባው ሰው ብቻ ቢሆን ኪራዩንም አይሸፍንም ነበር። የሰራው ሜክሲኮ ስለሆነ ነው፣ ታክሲውም አውቶብሱም እዛ ይገናኛል፣ የባቡሩ ሁለቱም መስመሮች እዛ ይቆማሉ፣ ከቃሊቲም ከአያትም የመጣች ሴት ለጫማ ብላ ልትወርድ ትችላለች። እቃው በጠበበ ቁጥር ሰው ከሰፊ ቦታ መምጣት አለበት። ሰፈር ውስጥ ኮንዶሚኒየም ስር ያለ ሱቅ ይሄን ቢያደርግ ይዘጋል፣ እዛ የሚያዋጣው እንቁላልም ሳሙናም ዳቦም ካርድም መያዝ ነው፣ ምክንያቱም ደንበኞቹ ያው አንድ መቶ ቤተሰብ ናቸው፣ ከነሱ ላይ ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት ማግኘት ነው ስራው። ስለዚ ከመወሰናችሁ በፊት ወጪያችሁን ከአንድ እቃ በሚገኘው ትርፍ አካፍሉት፣ የሚመጣው ቁጥር ከደብተራችሁ ጋር ይተያይ፣ ክፍተቱን ከየት እንደምትሞሉት ካላወቃችሁ ቆዩ።

ሌላው ሁሌ የሚነሳው ክርክር የብር ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብዙ ነጋዴ «ብር ከመያዝ እቃ መያዝ ይሻላል፣ የተቀመጠ እቃ ዋጋው ይጨምራል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ለሲሚንቶ፣ ለቆርቆሮ፣ ለስኳር ይሰራል፣ ሁልጊዜ የሚፈለግና ፋሽን የሌለው ስለሆነ፣ እነሱም ካልተበላሹ። ለጫማ ግን አይሰራም፣ አዲሱ ጫማ ተወደደ ማለት ያረጀው ሞዴል ተፈለገ ማለት አይደለም። ከዛ በላይ ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ፒዩ የሚባለው ቀላል ሶል ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። እርጥበት ቀስ እያለ ውስጡን ይበላዋል፣ ከጥቂት አመት በኋላ ከውጪ ሲታይ አዲስ የሚመስል ጫማ አንድ ቀን ሲለበስ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። አሮጌውን እቃ ስናወጣ 3 ጥንድ እንደዛ ሆኖ አግኝተናል፣ ሶሉን በአውራ ጣት ጫን ስንለው ተሰነጠቀ።

አንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠልም ችግር አለው። ጫማ ሰሪዎች ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ስራ ይበዛባቸዋል፣ በመደበኛ ጊዜ በ10 ቀን የሚሰጡት 24 ጥንድ ያኔ ወር ሊፈጅ ይችላል። አንዴ ለገና ዘግይተን አዘን እቃው የገባው በጥር ነው። አሁን ለበአል የሚሆነውን ከ6 ሳምንት በፊት እናዛለን፣ ሁለተኛ ሰሪም ለምደናል፣ ፎርማውን ለሁለቱ አካፍለን።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ተመልሶ መስፋት ነው። በየቀኑ የምትገባ ሴት «ከዚህ ጋር የሚሄድ ቦርሳ የለሽም?» ትላለች፣ እና ያው ሁለት ቦርሳ ልያዝ ይባላል፣ ከዛ አራት፣ ከዛ ቀበቶ። እህቴ ጋ ያስቀመጥነው መስፈርት አንድ ነው፣ የሚጨመረው እቃ ይህችው ሴት ሌላ ቦታ ሄዳ የምታጣው መሆን አለበት። ቦርሳ የትም አለ፣ አንጨምርም። ለ42 እግር የሚሆን ስቶኪንግና የጫማ ውስጥ ንጣፍ ግን ስትፈልግ የምታጣው ነገር ነው፣ እሱን ጨምረናል፣ ቦታም አይዝም፣ ጫማ ገዝታ ስትወጣ አብራ ትወስዳለች።

ደብተሩ አሁንም ካሽ መቀበያው አጠገብ አለ። ባለፉት ሁለት ወራት ከተፃፈው ውስጥ 6 ጊዜ የመጣው 44 ቁጥር ነው። ለሱ አዲስ ፎርማ መግዛት ያስፈልጋል፣ 6 ሰው ደሞ ፎርማውን አይመልሰውም፣ ስለዚ እህቴ ስልካቸውን ይዛ ደውላላቸዋለች፣ ግማሹን ቀብድ የሚከፍሉ 10 ሰዎች ከተገኙ ይሰራል ብላ። እስከ ትላንት 4 ከፍለዋል።